እንቆቅልህ? ምን አውቅልህ! ለሐዋሳ አዲስ ጁስ ቲዘር እንዴት ይጻፋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ካፌ ቲዘር፣ ማለትም ምርቱ ከመታወቁ በፊት ሰው የሚያጓጓ አጭር ማስታወቂያ፣ ጽፌ ነበር። ጥቁር ስክሪን፣ የልብ ምት ድምፅ፣ ከዚያ «የሐዋሳ ሕይወት ሊለወጥ ነው» የሚል ጽሑፍ። ኮርቼበት ነበር። አስተያየቶቹን ሳነብ ግን ግማሹ ሰው ኮንዶሚኒየም ይወጣል ብሎ እየጠበቀ ነው። አንዱ «መብራት አይጠፋም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። በሳምንቱ ካፌው አዲስ ዓይነት ቡና ማምጣቱን ስናሳውቅ የመጣልን ምላሽ ሦስት ቃል ነበር፦ «ቡና ነው እንዴ?»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብቄያለሁ እንጂ አልጠየቅኩም። መደበቅና መጠየቅ ይለያያሉ። ልዩነቱን ደግሞ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ እንቆቅልሽ ስንጫወት ነው ያደግነው። እንቆቅልሽ ጠያቂው መልሱን አይናገርም፤ ግን የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው። የሚሰማው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። መልሱ ሲነገረው «ለካ!» ይላል። ካላወቀ ደግሞ አገር ይሰጣል። ቲዘር ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሄዳለን። ምርቱ ሐዋሳ ውስጥ የሚታሸግ የአናናስ ጁስ ነው እንበል። ስም አላወጣሁለትም፤ ስሙን እናንተ ታስገባላችሁ። የምንጽፈው ሦስት አጫጭር ቪዲዮ ነው፦ ሁለት ቲዘርና መልሱን የሚናገር አንድ መግለጫ።

መጀመሪያ መልሱን ጻፉ

ብዙ ሰው ስክሪፕት የሚጀምረው ከመጀመሪያው ሰከንድ ነው። እንቆቅልሽ ግን ከመልሱ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ወረቀት አውጡና የመጨረሻውን ቀን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ይህ ከሲዳማ አናናስ ሐዋሳ ውስጥ የሚሠራ፣ በጠርሙስ የታሸገ ጁስ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ «ልዩ»፣ ያለ «አስደናቂ» መጻፍ ካቃታችሁ ቲዘሩን አትጀምሩ። ገና ምን እንደምትሸጡ አልታወቀም ማለት ነው።

ቀጥሎ አናናሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አሥር መስመር ጻፉ። የሚታየውን፣ የሚዳሰሰውን፣ የሚሰማውን ብቻ። እኔ ስሞክረው የወጡልኝ እነዚህ ናቸው፦ አናቱ ላይ ቅጠል እንደ ዘውድ ቆሟል። ቆዳው ላይ ዓይን ዓይን የሚመስል ነገር ሞልቷል። ይወጋል። ቢላዋ ሲገባበት ይንሿሿል። ሽታው ከራሱ ቀድሞ ክፍሉ ይደርሳል። ከሐዋሳ ወደ ዲላ ስትሄዱ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ሌላውን ልተወው።

«ጣፋጭ»፣ «ትኩስ»፣ «ተፈጥሯዊ» የሚሉት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለ ማንጎም፣ ስለ ፓፓያም፣ ስለ ሐብሐብም እንደዚያው ይባላል። ስለ ሁሉም የሚባል ነገር ፍንጭ አይሆንም።

በነገራችን ላይ አቮካዶን ለምሳሌነት ያልመረጥኩት በምክንያት ነው። የሐዋሳ ጁስ ቤት ንጉሥ አቮካዶ መሆኑን አውቃለሁ። ስፕሪስ ያለ እሱ አይታሰብም። ነገር ግን አቮካዶ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ እንዲቆይ ተብሎ ሲሞቅ ደግሞ ይመርራል። በጠርሙስ አሽጎ ለሱቅ ማቅረብ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ደብቁ

ሊደበቁ የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ፦ የሚጠጣ መሆኑ፣ ፍሬው እና የምርቱ ስም። ሦስቱንም አንድ ላይ ከደበቃችሁ እንደ እኔ ካፌ ኮንዶሚኒየም ይጠበቅባችኋል።

ስሙ በራሱ እንቆቅልሽ አይሆንም። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ስም ማንም አይናፍቅም። ስለዚህ ስሙን ዝም በሉት፤ ግን «ስሙ ማን ይሆን?» ብላችሁ አትጠይቁ። የሚጠጣ መሆኑ ቶሎ መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ሰዉ በጨለማ ይገምታል። የቀረው ፍሬው ነው። ጥያቄያችን «ምን ፍሬ ነው?» ሆነ።

ለዚህ ምርጫ ድጋፍ የሚሆን አንድ ሐሳብ አለ። ጆርጅ ሎወንስታይን የሚባል ተመራማሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ጉጉት ሲጽፍ፣ ሰው የሚጓጓው በሚያውቀውና ማወቅ በሚፈልገው መካከል ክፍተት ሲታየው ነው ብሏል። ምንም የማያውቅ ሰው ክፍተቱ አይታየውም። ትንሽ ስናቀምሰው ነው የሚጠማው። ጥቁር ስክሪንና የልብ ምት ምንም አያቀምሱም።

ፍንጮቹን ፈትኑ

ከአሥሩ መስመር ሁለቱን መረጥኩ፦ ዘውዱንና ዓይኖቹን። እንደ ጥንቱ እንቆቅልሽ በጥንድ በጥንድ ሳስቀምጣቸው ይህ ወጣ፦

«ዘውድ አለው፤ ዙፋን የለውም። ዓይኑ ብዙ፤ አያይም።»

ፈተናው ቀላል ነው። መልሱን ለሚያውቅ ሰው አንብቡለት። እያንዳንዱን ሐረግ ሰምቶ ራሱን ከነቀነቀ ፍንጩ እውነት ነው። ከዚያ መልሱን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት። ወዲያው ካገኘው ቀሏል፤ ፈገግ ብሎ ሌላ ነገር ከገመተ ልክ ነው፤ «ምንድን ነው የምትለው?» ካለ ጨልሟል።

የጣልኳቸውንም ልንገራችሁ። «ይወጋል ግን አይጎዳም» ብዬ ነበር፤ በለስ ብለው ገመቱ። ጥሩ ግምት ነው፤ ግን አሳስቶ ይቀራል፤ ለበለስም ለአናናስም እኩል ይሠራልና። «መንገድ ዳር ይጠብቅሃል» ያልኩት ደግሞ ለሐዋሳ ሰው በጣም ቀለለ። የዲላን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ በአንዴ አገኘው። ሁለተኛው ቲዘር ላይ ይጠቅማል ብዬ አቆየሁት፤ በኋላ ግን አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያው ቲዘር፣ 20 ሰከንድ

ስክሪፕቱን ወረቀቱን ለሁለት ከፍላችሁ ጻፉት፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። ግራው ባዶ ከሆነ ሬዲዮ እየጻፋችሁ ነው። ቀኙ ከሞላ ደግሞ ስብከት። በአማርኛ ለ20 ሰከንድ ከ25 ቃል ብዙ አትለፉ። ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፤ ለሳቅና ለዝምታም ቦታ ያስፈልጋል። የታችኛው 24 ቃል ነው።

*ከ0 እስከ 3 ሰከንድ*
ምስል፦ ባጃጅ ውስጥ። የአንዲት እናት እጆች ዘንቢል አቅፈዋል። ዘንቢሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ጨርቁ ይነቃነቃል።
ድምፅ፦ የባጃጅ ሞተር። እማማ፦ «እንቆቅልህ?»

*ከ3 እስከ 5*
ምስል፦ የሾፌሩ ዓይኖች በመስታወት። ወጣት ነው።
ሾፌር፦ «ምን አውቅልዎት፣ እማማ!»

*ከ5 እስከ 10*
ምስል፦ የእማማ ፊት። ነጠላ። ካሜራው አይንቀሳቀስም።
እማማ፦ «ዘውድ አለው፤ ዙፋን የለውም። ዓይኑ ብዙ፤ አያይም።»

*ከ10 እስከ 15*
ምስል፦ ባጃጁ ሐይቁ ዳር ቆሟል። ሾፌሩ ራሱን እያከከ ነው። ከኋላው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሟል።
ሾፌር፦ «አባ ኮዳ?»
እማማ፦ «አባ ኮዳ ራሰ በራ አይደል እንዴ?»

*ከ15 እስከ 18*
ምስል፦ ሁለቱም።
እማማ፦ «አገር ስጠኝ!»
ሾፌር፦ «እሺ፣ አዳማን ይውሰዱ።»

*ከ18 እስከ 20*
ምስል፦ ጥቁር። ጽሑፍ ብቻ፦ «ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት። ወይ መልሱ፣ ወይ አገር ስጡ።»
ድምፅ፦ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ሲወድቅ፤ የሚቀዳ ፈሳሽ።

ጥቂት ቦታዎችን ልቆምባቸው። የመጀመሪያው ዘንቢሉ ነው። መልሱ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ተመልካቹ ፊት አለ፤ የሸፈነው ጨርቅ ብቻ ነው። በመግለጫው ቀን ሰዉ ተመልሶ ይህን ቪዲዮ የሚያየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሾፌሩ ግምት ነው። ቲዘር ውስጥ አንድ ሰው መሳሳት አለበት። ተሳስቶ ሲታይ ተመልካቹ «እኔስ?» ይላል። ግምቱ ግን የሠፈር ይሁን። አባ ኮዳን ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲለምን ያላየ የሐዋሳ ሰው የለም። የእማማ መልስ ደግሞ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ «ዘውድ» የሚለው አናት ላይ ያለ ነገር መሆኑን ሳትናገር ትናገራለች። ፍንጭ በቀልድ ውስጥ ሲገባ አይከብድም።

ሦስተኛው «አገር ስጡ» ነው። አስተያየት መስጫው ውስጥ ምን ብለው እንደሚጽፉ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። «ምን ይመስላችኋል?» ብትሉ አሥር ሰው ይመልሳል። «አገር ስጡ» ስትሉ ግን መልሱን የማያውቀውም የሚጽፈው አለው። አንዱ ዲላን ይሰጣል፣ ሌላው ሻሸመኔን፣ ሌላው ያልከፈለውን የቤት ኪራይ። አዳማዎች ደግሞ ዝም አይሉም፤ ከተማቸው ተሰጥቷላ።

«ምን አውቅልዎት» ላይ አንድ ወዳጄ ተከራከረኝ። ጨዋታው ላይ የሚባለው «ምን አውቅልሽ» ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ባጃጅ ሾፌር የማያውቃትን እናት አንቺ ካለ ግማሹ አስተያየት ስለ አስተዳደጉ ይሆናል።

ከሐዋሳ ተመልካች መካከል ቤቱ በሲዳምኛ የሚያወራው ብዙ ነው። የሲዳምኛ ስሪት ከፈለጋችሁ አማርኛውን አታስተርጉሙ። ከአያቷ ጋር ያደገች ሲዳማ ጸሐፊ ፈልጉና አናናሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡላት። የራሷን ጥያቄ ትሥራ።

ሁለተኛው ቲዘር፣ 15 ሰከንድ

ሥራው አንድ ነው፦ ይህ ነገር እንደሚጠጣ ማረጋገጥ። የበረዶው ድምፅ ለአንዳንዱ ጆሮ ደርሷል፤ ለሁሉም ግን አልደረሰም።

ሾፌሩ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ነው። ቆሮሶ ዓሣ የሚበልት ልጅ አጠገብ ቆሟል።

ሾፌር፦ «ዘውድ አለው…»
ልጁ፦ «ቆሮሶ ነው!»
ሾፌር፦ «ዘውድ የጫነ ቆሮሶ የት አየህ?»
ስልኩን ያወጣል። ይደውላል።
ሾፌር፦ «እማማ፣ ይበላል ወይስ ይጠጣል?»
የእማማ ድምፅ፦ «የሚበላው አለ። እኔ ጥርስ የለኝ፤ እጠጣዋለሁ።»
ይቆረጣል። ጥቁር። «ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት።»

የእማማን የመጨረሻ መስመር ሁለቴ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ «ድሮ ይበላ ነበር፤ አሁን ይጠጣል» ነበር ያልኩት። ጆሮ ላይ ያምራል። እውነት ግን አይደለም። የአናናስ ጁስ ጁስ ቤት ውስጥ ድሮም ይጠጣል። መግለጫው በወጣ በአምስት ደቂቃ አንዱ «ዛሬ ነው እንዴ አናናስ መጠጣት የተጀመረው?» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከሥሩ ይስቅ ነበር። እንቆቅልሽ አንድ ውሸት ከተገኘበት ጠያቂው ነው አገር የሚሰጠው። የእማማ ጥርስ ግን እውነት ነው፤ ያስቃልም።

እዚህ ቪዲዮ ላይ አንድ ትንሽ ስርቆት ፍቀዱ። ባጃጁ ሲያልፍ የኋላ ወንበሩ ላይ ያ ዘንቢል ይታይ፤ ከጨርቁ ሥር አንድ የቅጠል ጫፍ ትውጣ። ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ። ቪዲዮ እያስቆመ የሚያይ ሰው ሁሌም አለ። ያገኘው ሰው ለጓደኞቹ ይልካል፤ ያን ጊዜ ማስታወቂያውን የሚሠራው እሱ ነው።

መግለጫው፣ 25 ሰከንድ

መግለጫው የቲዘሩ አካል ነው፤ በዚያው ቀን በዚያው ቦታ ይቀረጽ። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቲዘሩ በባጃጅ ይጀምርና መግለጫው ላይ ነጭ ጀርባ፣ የሚሽከረከር ጠርሙስና የሚጮህ ሙዚቃ ይመጣል። ተመልካቹ ስለ እማማ ነው ሲጠብቅ የቆየው።

ባጃጁ ውስጥ ነን። እማማ ጨርቁን ታነሣለች። አናናስ፣ ዘውዱ ላዩ ላይ። ካሜራው ወደ ቆዳው ይጠጋል፤ ዓይኖቹ ስክሪኑን ይሞላሉ። ሾፌሩ ለሁለት ሰከንድ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ አትቁረጡት፤ ተመልካቹ «ለካ!» የሚለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሾፌር፦ «አናናስ! አዳማን ይመልሱልኛ!»
እማማ፦ ከአናናሱ ሥር ጠርሙሱን ታወጣለች። «መጀመሪያ ይህን ቅመስ።»
ይጠጣል። ያያታል።
ሾፌር፦ «በቃ ይውሰዱት።»

ከዚያ በኋላ ብቻ የጠርሙሱ ስም ጎልቶ ይታያል፤ እማማም ታነብበዋለች። በመጨረሻው አራት ሰከንድ አራት ነገር ይጻፍ፦ ስሙ፣ መጠኑ፣ ዋጋው በብር፣ የሚገኝበት ቦታ። «በሁሉም ሱቆች» አትበሉ። «ፒያሳ፣ መናኸሪያ አካባቢና ታቦር ባሉ ሱቆች» በሉ፤ እውነት ከሆነ።

«ጁስ» የሚለውን ቃልም ከጠርሙሱ ጋር አስተያዩ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኮዴክስ፣ ፍሬው ውሃና ስኳር ተጨምሮበት ከቀጠነ ኔክታር ነው የሚባለው፤ ጁስ አይደለም። መለያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ እማማ የምትለው ሌላ ከሆነ አሳሳች ማስታወቂያ ነው። ይህን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል። «ለጨጓራ ፍቱን ነው» የሚል መስመር ባለቤቱ ካስገባባችሁ አውጡት። ስሙም ቲዘሩ ከመውጣቱ በፊት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለምዝገባ ይቅረብ፤ ምርቱም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይዞ ይቆይ። ሰው አጓጉቶ ወረቀት መሯሯጥ ያሳፍራል።

ስንት ቀን?

የመጀመሪያው ዓርብ፣ ሁለተኛው ሰኞ፣ መግለጫው ሐሙስ። ስድስት ቀን። ከዚህ በላይ አልመክርም። ኢንፊኒቲ የሚባለው የመኪና ብራንድ በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገበያ ሲገባ ማስታወቂያዎቹ ድንጋይና ዛፍ ነበር የሚያሳዩት። መኪናው አይታይም። ሰዉ ስለ ማስታወቂያው ብዙ አወራ፤ ቀለደበትም፤ መኪና ሻጮቹ ግን ደንበኛ የሚያየው መኪና ነው የፈለጉት። ጉጉት ከምርቱ ተነጥሎ ብቻውን ከቆየ ስለ ራሱ ማውራት ይጀምራል። እኛ ደግሞ የምንሸጠው መኪና አይደለም፤ የአንድ ጠርሙስ ጁስ ነው። ለአንድ ጠርሙስ ሰው አንድ ሳምንት ይጓጓል። ከዚያ በኋላ ይናደዳል።

ሐሙስ የሆነው ለእሑድ እንዲደርስ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ሰው ይበዛል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣም አለ። ጠርሙሱ ግን ረቡዕ ማታ ሱቅ ውስጥ መሆን አለበት፤ ለባለሱቁም ሐሙስ ማታ ድረስ ከመደርደሪያው ሥር እንዲያቆየው ንገሩት። ምርቱ ካልደረሰ የመጀመሪያውን ቲዘር አትልቀቁ። ቀን ከተጻፈ በኋላ ማራዘም የለም።

ጾም ለዚህ ሥራ ጥሩ ጊዜ ነው። በሁዳዴ ጁስ ቤቱ ይሞላል፤ በረመዳንም ለማፍጠሪያ ጁስ ይፈለጋል። በጾም የምትለቁ ከሆነ ግን የአሞራ ገደሉን ትዕይንት አስቡበት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አስተያየቱን ወስዶት ሊሄድ ይችላል።

ሲቀረጽ የሚያስቸግረው

ስልክ ይበቃል። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ 1080 በ1920። የሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ ምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ በኩል ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ባጃጁን ጎኑን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ብታቆሙት ብርሃኑ በጎን ገብቶ የእማማን ፊት ያበራዋል። ቀትር ላይ ግን የባጃጁ ጣሪያ ፊቷን ያጠቁረዋል።

ድምፁ ነው የሚያስለቅሰው። ባጃጅ እየሄደ ንግግር መቅዳት አይቻልም። ምስሉን እየሄዳችሁ ቅረጹ። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና እዚያው ተቀምጠው ንግግሩን ይድገሙት፤ ሁለተኛ ስልክ እማማ ነጠላ ሥር ይቀዳ። የሞተሩን ድምፅ ለብቻ 30 ሰከንድ ቅዱና ከሥር ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡት። የበረዶውንና የሚቀዳውን ጁስ ድምፅም ማታ ቤት ውስጥ ቅረጹ። ታዋቂ ዘፈን አያስፈልግም፤ ፈቃዱም የላችሁም።

ጽሑፉን ከስክሪኑ ታችና ከቀኝ ጠርዝ አርቁት። ቲክቶክ እዚያ ጋር የራሱን ምልክቶችና መግለጫ ይደርብበታል።

ምስጢር የሚወጣው ደግሞ ከስክሪፕቱ አይደለም፤ ከአካባቢው ነው። ቪዲዮውን የለቀቀው አካውንት ስሙ የጁሱ ስም ከሆነ አለቀ። የቲክቶክን የተጠቃሚ ስም በ30 ቀን አንዴ ብቻ ነው መቀየር የሚቻለው። ስለዚህ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ወይ ቲዘሮቹን በጊዜያዊ ስም ልቀቁና ያንን አንድ ዕድል ለሐሙስ አስቀምጡት፤ ወይ ከሐዋሳ ሰው ጋር ወዳጅነት ባለው ሌላ ገጽ በኩል ልቀቁ። የቴሌግራም ቻናል ስም በፈለጋችሁት ጊዜ ይቀየራል፤ እሱ ችግር የለውም። የቪዲዮው ሽፋን ምስል የእማማ ፊት ይሁን። #አናናስ ብሎ ሃሽታግ የጻፈ ልጅም አውቃለሁ፤ ሳቅን አበቃን።

ከመልቀቃችሁ በፊት አምስት ሰው

የመጀመሪያውን ቲዘር ከምርቱ ጋር ግንኙነት ለሌላቸው አምስት ሰዎች አሳዩ፤ ለየብቻ። ቤተሰብ አይሆንም። አንድ ባለሱቅ፣ አንድ ተማሪ፣ አንዲት እናት፣ አንድ ባጃጅ ሾፌር፣ አንድ ከሐዋሳ ውጭ ያለ ሰው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ምን ይመስልሃል?» እና «መቼ ነው የሚታወቀው?»

አንድ ወይም ሁለት ሰው አናናስ ካለ ደህና ነው። አራት ካለ «ዓይኑ ብዙ» የሚለውን አውጡና ዘውዱን ብቻ ተዉት። ማንም ስለ ምግብ ወይም ስለ መጠጥ ካላሰበ የበረዶውን ድምፅ አጉሉት፤ ወይም ከጥቁሩ በፊት አምጡት። ሐሙስን ያስታወሰ ከሌለ ደግሞ ጽሑፉ ሁለት ሰከንድ አልበቃውም፤ ሦስት ስጡት፤ ከአባ ኮዳው ላይ አንድ ሰከንድ ቀንሱ።

ከተለቀቀ በኋላ የዕይታውን ቁጥር ሳይሆን አስተያየቱን አንብቡ። ግምት፣ የተሰጠ አገርና «ሐሙስን ጠብቁ» የሚል ከበዛ እየሠራ ነው። «ደግሞ ምን ሊሸጡልን ነው?» ከበዛ ሁለተኛውን ቲዘር አታዘግዩ፤ እንዲያውም እሑድ ልቀቁት።

አንድ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት «አናናስ ነው» ብሎ መጻፉም አይቀርም። ደንግጣችሁ አታጥፉት፤ ካጠፋችሁት አረጋገጣችሁለት ማለት ነው። «ልክ ነህ»ም አትበሉ። ለበለስም፣ ለአባ ኮዳም፣ ለአናናስም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጥ፤ በእማማ አንደበት፦ «ሐሙስ እንተያያለን ልጄ። እስከዚያ የሰጠኸኝን አገር ይዤ እቆያለሁ።»